በ1,850 ብር ልዩነት ውስጥ ምን አለ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የውስጥ ኦዲት ክፍል ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም። የአንድ ቅርንጫፋችንን የሰኔ 30 ቀን 2017 ባንክ ሪኮንሲሌሽን ሳይ ያልታረቁ ነገሮች አገኘሁ። የቅርንጫፉ ሂሳብ ሹም «አንቺ ልጅ፣ ልዩነቱ እኮ 1,850 ብር ብቻ ነው። በጄቪ እናስተካክለዋለን፤ ይሄ ምን ሜሞ ያስጽፋል?» አሉኝ። ልጻፍ ወይስ ልተው? ከጻፍኩስ ሰው ሳልወነጅል እንዴት ልጻፈው? ስሞቹን አጥፍቼ ማስታረቂያውን፣ ስቴትመንቱን፣ የሐምሌን እንቅስቃሴና የራሴን ማስታወሻ ልኬልዎታለሁ።

መልስ፦ ጻፊ። ከዚያ በፊት ግን ያ ጄቪ እንዳይሠራ አስቁሚ። ስልክ ደውለሽ ብቻ አይሆንም፤ አጭር ኢሜይል ላኪ፤ «ምርመራው እስኪያልቅ በዚህ ሂሳብ ላይ ማስተካከያ እንዳይመዘገብ» የሚል። 1,850 ብር «ልዩ ልዩ ገቢ» ተብሎ ከተመዘገበ ማስታረቂያው ዜሮ ልዩነት ያሳያል። ከዚያ በኋላ ማንም መለስ ብሎ አያየውም። የላክሽልኝን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እዚያ ውስጥ ያለው ነገር 1,850 ብር አይደለም።

መጀመሪያ ቀኑን ላንሳ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባንኩ ስቴትመንት የሚያወጣው በፈረንጅ ቀን ነው። የቅርንጫፉ መዝገብ ደግሞ በእኛ ቀን ነው የሚዘጋው። ሰኔ 30 ቀን 2017 ማለት ጁላይ 7 ቀን 2025 ነው። አንድ ጊዜ የማየው ቅርንጫፍ ሂሳብ ሹም የጁን 30ን የባንክ ቀሪ ወስዶ ከሰኔ 30 መዝገብ ጋር ሲያስታርቅ አገኘሁት። የሰባት ቀን ልዩነት ነው። የሳምንቱ ገቢ በሙሉ «በመንገድ ላይ ያለ ገቢ» ተብሎ ተዘርዝሮ ነበር። የሳምንቱ ቼክ በሙሉ ደግሞ «ያልተመነዘረ» ተብሏል። በእንዲህ ያለ ረጅም ዝርዝር መሀል አንድ መጥፎ ነገር ቢኖር አይታይም። ያንቺ ስቴትመንት እስከ ጁላይ 7 ድረስ ስለሚሄድ ከዚህ ነፃ ነሽ። ሜሞው ላይ ግን ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ጻፊ፤ አንባቢሽ እንዳይቸገር።

ሌላው፣ ስቴትመንቱ በማን እጅ መጣልሽ? ሂሳብ ሹሙ ፕሪንት አድርገው ከሰጡሽ አይበቃም። በዋናው መሥሪያ ቤት ፋይናንስ በኩል፣ በሂሳቡ ፈራሚዎች ደብዳቤ፣ ባንኩ ማኅተም ያደረገበትን በቀጥታ አስመጪ። የሐምሌንም ጨምሪ። ሰኔ ላይ «በመንገድ ላይ ነው» የተባለ ነገር በእርግጥ በመንገድ ላይ እንደነበረ የሚመሰክረው ሐምሌ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። ቅርንጫፉ የሠራው እንዲህ ነው። የባንክ ቀሪ 1,386,450 ብር። በመንገድ ላይ ያለ ገቢ 184,000 ተደመረ። ያልተመነዘሩ ቼኮች 156,300 ተቀነሱ። 1,414,150 መጣ። መዝገቡ ግን 1,412,300 ይላል። ባንኩ በ1,850 በለጠ። ከሥሩ በእስክሪብቶ «ልዩነት፣ ይጣራል» የሚል ተጽፏል።

ይህ 1,850 አንድ ነገር ሳይሆን የሦስት ነገሮች ተረፈ ድምር ነው። ስቴትመንቱን ከሌጀሩ ጋር መስመር በመስመር ምልክት እያደረግሽ ስትሄጂ፣ በባንክ ኖረው በመዝገብ የሌሉ ሦስት መስመሮች እንደቀሩ በማስታወሻሽ ጽፈሻል። አንዱ የገባ 27,500 ብር ነው። ሁለተኛው የአገልግሎት ክፍያ 650 ብር ነው። ሦስተኛው በዝውውር የወጣ 25,000 ብር ነው። 27,500 ገብቶ 25,650 ሲወጣ የሚተርፈው 1,850 ነው። ሂሳብ ሹሙ «ትንሽ ነው» ያሉት የመጣውና የሄደው ስለተጣፋ ነው። በጥሬው ካየነው ያልተመዘገበው እንቅስቃሴ 53,150 ብር ነው። ስለዚህ የሜሞሽ የመጀመሪያ ገጽ ላይ 1,850 የሚለው ቁጥር ብቻውን እንዳይቆም። ልዩነቱ ከምን ከምን እንደተሠራ አብሮ ይጻፍ። ሥራ አስኪያጁ የሚያነበው ያንን ገጽ ብቻ ሊሆን ይችላል።

650ውን ለቀቅ አድርጊው። የባንክ ወጪ ነው። ዴቢት አድቫይሱን አይተሽ «ይመዝገብ» በይ፤ አለቀ። ሜሞ ውስጥ አንድ መስመር ይበቃዋል።

27,500ው የገባው ሰኔ 30 ዕለት፣ በመጨረሻው ቀን ነው። ደረሰኝ አልተቆረጠለትም። ምናልባት የዱቤ ደንበኛ በሞባይል ልኮ ሳይናገር ቀርቶ ይሆናል። ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነው። ምናልባት ደግሞ ዕቃ ያለ ደረሰኝ ተሽጦ ይሆናል። ሁለቱን የምትለዪው በዱቤ ደንበኞች ዝርዝር ነው። 27,500 ወይም ከዚያ በላይ ዕዳ ያለበት ደንበኛ ካለ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ይገመታል። ከሌለ የመጋዘን ወጪ ሰነዶችን ማየት አለብሽ። ደንበኛው «ከፍያለሁ» ብሎ የስልክ ስክሪንሾት ቢያሳይሽ ምስሉን አትመኚ። T24 የሚባለውን ሲስተም በሚጠቀሙ ባንኮች የዝውውር ቁጥሩ `FT` ብሎ ይጀምርና ዓመቱንና የዓመቱን ስንተኛ ቀን ይይዛል። ጁላይ 7 የ2025 188ኛ ቀን ስለሆነ የዚያን ዕለት ዝውውር `FT25188` ብሎ ይጀምራል። ስክሪንሾቱ ላይ ያለው ቁጥር ስቴትመንቱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። የብሩ መጠን መመሳሰል ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

25,000ው ሌላ ነገር ነው። ይህ ገንዘብ ከሂሳቡ ወጥቷል። ቁጥሩ `FT25171` ብሎ ስለሚጀምር ቀኑ ጁን 20፣ ማለትም ሰኔ 13 ነው። የክፍያ ቫውቸር የለም። ሌጀሩ ላይ የለም። ወሩ እስኪዘጋ 17 ቀን ነበር፤ ማንም አልጠየቀም። እዚህ ላይ መገመት አቁሚና አንድ ሰነድ ፈልጊ፤ ባንኩ ዘንድ ያለውን የዝውውር ማዘዣ። ማን ፈረመ? ወደ ማን ሂሳብ ሄደ? አንቺ በግልሽ ባንክ ሄደሽ ብትጠይቂ አይሰጡሽም፤ ደግሞም ትክክል ናቸው። ጥያቄው ከሂሳቡ ባለቤት፣ ከሕጋዊ ፈራሚዎች በደብዳቤ ነው የሚሄደው። የባንኩ ስህተት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የሌላ ደንበኛ ዝውውር ካንቺ ድርጅት ሂሳብ ተቀንሶ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ግን ማዘዣውን እስክታዪ ድረስ ይህም፣ ያኛውም ግምት ነው።

ወደ ቼኮቹ እንምጣ። ሂሳብ ሹሙ ያልታረቀ የሚሉት 1,850ውን ብቻ ነው። ቼኮቹንና በመንገድ ላይ ያለውን ገቢ «የታረቁ» አድርገው ነው የቆጠሯቸው። ዝርዝር ውስጥ መግባት መታረቅ አይደለም። ከ156,300ው ውስጥ 84,300 የሚሆኑት ሁለት ቼኮች በሐምሌ መጀመሪያ ሳምንት ተመንዝረዋል። እነዚህ ንጹህ ናቸው። የቀሩት ሁለቱ ናቸው የሚያነጋግሩት።

የ42,000 ብሩ ቼክ የተጻፈው ጥቅምት 12 ነው። እስከ ሰኔ 30 ስምንት ወር አልፎታል። ቼክ ከተጻፈ ከስድስት ወር በኋላ ባንክ አይከፍለውም። ስለዚህ ይህ ከእንግዲህ «ያልተመነዘረ ቼክ» ተብሎ ከባንክ ቀሪ ላይ ሊቀነስ አይችልም። ወደ ተከፋይ ሂሳብ ይመለስ። ገቢ ተደርጎ እንዳይመዘገብ፤ ዕዳው አልጠፋም። ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። አንድ አቅራቢ 42,000 ብር ስምንት ወር ሙሉ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ወይ ቼኩ ጠፍቶበት በሲፒኦ ወይም በዝውውር ሌላ ተከፍሎታል፣ ወይ መጀመሪያውንም ቼኩ አልተሰጠውም። ከጥቅምት ወዲህ ለዚሁ አቅራቢ የተከፈለውን በሙሉ አውጪ። ያው ኢንቮይስ ሁለት ጊዜ ተከፍሎ ከተገኘ ነገሩ ከማስታረቂያ አልፎ የክፍያ ቁጥጥር ጉዳይ ይሆናል።

የ30,000ው ቼክ ደግሞ የትም አልሄደም። አንቺ ራስሽ ካዝና ውስጥ፣ ከጉርዱ ሳይቀደድ አገኘሽው። ይህን በየዓመቱ ሰኔ ላይ አየዋለሁ። በጀት ሳያልቅ ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ቼኩ ይጻፋል፣ ወጪው ይመዘገባል፣ ዕቃው ግን አልመጣም፤ ስለዚህ ቼኩ ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ ሰዎቹ ክፉ አስበው አይደለም። ሂሳቡ ግን ሐሰት ይሆናል፤ ያልተከፈለ ገንዘብ ተከፍሏል ይላል። ተቀባዩ እጅ ያልገባ ቼክ ክፍያ አይደለም። ምዝገባው ይመለስ። ቼኩ ደግሞ ፊርማ ካለበት አደገኛ ነው፤ ፊርማ እንዳረፈበትና እንዳላረፈበት በሜሞው ላይ ግለጪ። በማስታወሻሽ ላይ አልጻፍሽውም፤ ተመልሰሽ እዪ፣ ፎቶም አንሺ።

በመንገድ ላይ ያለው ገቢ 184,000 ነው። 64,000ው ሐምሌ 1 ባንክ ገብቷል። ጥሩ። 120,000ው ላይ ግን ቆም በይ። ደረሰኞቹ የተቆረጡት ሰኔ 24 ነው፤ ሦስቱም በጥሬ ገንዘብ ይላሉ። ባንክ የገባው ሐምሌ 4 ነው። አሥር ቀን! ጥሬ ገንዘብ ከቅርንጫፍ እስከ ባንክ አሥር ቀን በመንገድ ላይ አይሆንም። የድርጅትሽ መመሪያ በስንት ቀን ይግባ እንደሚል አንቀጹን ፈልገሽ ጥቀሺ፤ ብዙ ድርጅት በማግሥቱ ነው የሚለው።

ከቀኑ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የዲፖዚት ስሊፑ ነው። ያያዝሽው ቅጂ 75,000 በጥሬው፣ 45,000 በቼክ ይላል። ደረሰኞቹ ሁሉም ጥሬ ገንዘብ ሆነው ቼኩ ከየት መጣ? አንቺ እንዳገኘሽው፣ ቼኩ የሌላ ደንበኛ ነው፤ ደረሰኙም ሐምሌ 3 ነው የተቆረጠው። ማለትም የሰኔ 24ቱ 45,000 ጥሬ ገንዘብ ቦታ ላይ የሐምሌ 3 ቼክ ተተክቷል። ይህ በሙያችን ላፒንግ የሚባለው ነገር ምልክት ነው። የዛሬው ደንበኛ ገንዘብ ይነካል፤ የነገው ደንበኛ ክፍያ ሲመጣ በሱ ይሸፈናል፤ የነገውን ደግሞ የተነገ ወዲያው ይሸፍናል። ድምሩ ሁልጊዜ ልክ ይመጣል። የሚያጋልጠው የቀኑ መዘግየትና የጥሬውና የቼኩ ድርሻ አለመግጠም ነው። ለዚህ ነው የገባውን ጠቅላላ ብር ብቻ ማየት የማይበቃው።

ምልክት ነው አልኩሽ እንጂ ማስረጃ አላልኩም። ገንዘብ ያዥዋ የሁለት ቀን ገቢ አንድ ላይ አስገብታ፣ ቀሪውን በሌላ ስሊፕ አስገብታው ይሆናል። ስለዚህ የሐምሌ 3ቱ ደረሰኝ 45,000 በኋላ በምን መልክ ባንክ እንደገባ ተከታተዪ። ቢያንስ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ያሉትን ስሊፖች ከደረሰኞቹ ጋር አንድ በአንድ አስተያዪ። ሳትናገሪም ካዝናውን ቁጠሪ። ቆጠራው ሜሞው ከመውጣቱ በፊት መሆን አለበት። ሜሞው አንዴ ከወጣ ካዝናው በአንድ ሌሊት ይሟላል። ቆጠራው ላይ ገንዘብ ያዥዋ እዚያው ትቁም፣ በመጨረሻም ትፈርም። ይህ ላንቺም ለእሷም ጥበቃ ነው።

አሁን አጻጻፉ። ሰው ሳልወነጅል ላልሽው መልሱ ቀላል ነው፤ ያየሽውን ጻፊ፣ የጠየቅሽውን ጻፊ፣ ያላየሽውንም ጻፊ። «ጠፋ»፣ «ተጎደለ»፣ «ተወሰደ» የሚሉትን ቃላት አውጪ። «ሂሳብ ሹሙ ሆን ብለው» የሚል ሐረግ ሜሞ ውስጥ ቦታ የለውም፤ የሰው ልብ ኦዲት አይደረግም። ደግሞ ፈርተሽ አታለስልሺው። «አንዳንድ ልዩነቶች ታይተዋል» የሚል ሜሞ ምንም አልተናገረም። ስለ 25,000ው እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ሰኔ 13 ቀን 2017 (ጁን 20 ቀን 2025) ከቅርንጫፉ የባንክ ሂሳብ 25,000 ብር በዝውውር ወጪ ሆኗል። ወጪው እስከ ሰኔ 30 ድረስ በቅርንጫፉ መዝገብ አልተመዘገበም። የክፍያ ቫውቸርና ደጋፊ ሰነድ በጽሑፍ ጠይቀን ይህ ሜሞ እስከተጻፈበት ቀን ድረስ አልቀረበልንም። የፋይናንስ መመሪያው ማንኛውም ክፍያ አስቀድሞ በጸደቀ ቫውቸር እንዲፈጸም ያዛል። የባንኩን የዝውውር ማዘዣ ገና ስላላየን ገንዘቡ ለማን፣ በማን ፈቃድ እንደተላለፈ ማረጋገጥ አልቻልንም። ማዘዣው እስኪታይ ድረስ 25,000 ብሩ በተጠባባቂ ሂሳብ ተይዞ እንዲቆይ፣ በወጪም ሆነ በሌላ ልዩነት እንዳይጣፋ እንጠይቃለን።»

እዪው። የሆነውን ይናገራል፣ ምን መሆን እንደነበረበት ይናገራል፣ ምን እንደሚደረግ ይናገራል። ማንንም አልነካም። ነገ ፍርድ ቤት ቢቀርብ እንኳ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በሰነድ ይቆማል። የመመሪያውን ሐረግ ግን ከራስሽ ድርጅት መመሪያ ላይ ከነአንቀጹ ገልብጪ፤ የኔን ቃል አትውሰጂ።

ከሁሉም ግኝቶች መጨረሻ ላይ መንስኤውን አንድ ላይ ጻፊ፤ የሁሉም ሥር አንድ ነው። ማስታረቂያውን የሠራው መዝገቡን የሚይዘው ሰው ራሱ ነው። «ያረጋገጠው» የሚለው መስመር ደግሞ ባዶ ነው። ያ ባዶ ቦታ ከ25,000ው ይልቅ ለድርጅቱ አስፈላጊ ግኝት ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አንብቦ ቢፈርምበት ኖሮ የጥቅምቱ ቼክ እስከ ሰኔ አይንከባለልም ነበር። ቅርንጫፉ ሰው የለውም ይሉሻል። እውነት ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ማስታረቂያው ከነስቴትመንቱ በየወሩ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይላክና እዚያ ይረጋገጥ። የምትሰጪው ምክረ ሐሳብ ቅርንጫፉ በእርግጥ ሊሠራው የሚችል ይሁን።

ለማን ይላካል? በተለምዶ ረቂቁን ለቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ ሰጥተሽ የጽሑፍ መልስ ትጠብቂያለሽ። 650ውን፣ 27,500ውን፣ ሁለቱን ቼኮች እንደዚያው አድርጊ። 25,000ውንና 45,000ውን ግን ለቅርንጫፉ ከመስጠትሽ በፊት ለኦዲት ኃላፊሽ በአካል አቅርቢ። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ከሂሳቡ ፈራሚዎች አንዱ ከሆነ፣ በዝውውር ማዘዣው ላይ ፊርማቸው ሊኖር ይችላል። ጥፋተኛ ናቸው ማለት አይደለም። ግን ስለራሳቸው ፊርማ የሚያጣራ ሰነድ አስቀድሞ በእጃቸው ሊሆን አይገባም። ምናልባት ኃላፊሽ እነዚህን ሁለቱን በተለየ ሚስጥራዊ ሜሞ እንድትጽፊ ይወስናሉ። ውሳኔው የሳቸው ነው።

የሂሳብ ሹሙንም መልስ በሜሞው ውስጥ አካትቺ። «ልዩነቱ 1,850 ብር ብቻ ስለሆነ በጄቪ ይስተካከላል» ያሉትን እንዳለ፣ ሳታጣምሚ ጻፊ። መልሳቸው ሰፍሮ ማየት መብታቸው ነው። አክብሮትሽም አይጉደል፤ ከዕድሜሽ በላይ የሠሩ ሰው ናቸው። ቁጭ ብላችሁ ሦስቱን መስመሮች አብራችሁ ብታዩ ራሳቸውም ሊደነግጡ ይችላሉ።

ለእያንዳንዱ ነጥብ ኃላፊና ቀን ይኑረው። «በአስቸኳይ» አትበዪ፤ ቀን ጻፊ። ከዚያ የነሐሴን ማስታረቂያ ሲመጣ አንቺው ራስሽ ክፈቺው። መጀመሪያ የምታዪው የጥቅምቱ ቼክ አሁንም ዝርዝሩ ላይ አለ ወይ የሚለውን ነው። ሁለተኛው፣ በመንገድ ላይ ያለ ገቢ ከሁለት ቀን በላይ የቆየ አለ ወይ የሚለው። ካለ፣ ስሊፑን አውጥተሽ ጥሬውንና ቼኩን ከደረሰኞቹ ጋር አስተያዪ።